ፓኔሉ ሲዛወር የተዛባው ሙቀት፦ በቴርሞካፕልና በአርቲዲ ካርዶች ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

## ጉዳዩ በአጭሩ

አንድ የዱቄት ቀለም ማድረቂያ ምድጃና ከእሱ በፊት ያለ የማጠቢያ ገንዳ የቁጥጥር ፓኔላቸው ወደ ሌላ ክፍል ከተዛወረ በኋላ የተሳሳተ ሙቀት ማሳየት ጀመሩ። ምድጃው ከሚያሳየው በላይ ይግል ነበር፤ ገንዳው ደግሞ ከሚያሳየው በታች ይቀዘቅዝ ነበር። ሴንሰሮቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ሲግናላቸውን የሚያነቡት የፓኔሉ ካርዶችም እንዲሁ። ስህተቱ ያለው በሁለቱ መካከል በተዘረጋው ሽቦ ላይ ነበር፣ ያውም በየመስመሩ በተለየ መልክ። ድርጅቱንና ሰዎቹን በስም አልጠቅስም። ሙቀቶቹ ሁሉ በሴልሺየስ ናቸው።

## ቀድሞ የነበረው አሠራር

ምድጃው ሦስት ዞኖች አሉት፤ በእያንዳንዱም አንድ ታይፕ ኬ ቴርሞካፕል ተተክሏል። ዞን 1 እና ዞን 2 ማሞቂያዎቹን የሚቆጣጠሩ ሲሆኑ ዞን 3 ለማሳያና ለመዝገብ ብቻ ያገለግላል። የምድጃው ሰት ፖይንት 180 ዲግሪ ነው። የማጠቢያ ገንዳው 60 ዲግሪ ላይ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ የሚለካውም በፒቲ 100 አርቲዲ ነው።

ፓኔሉ መጀመሪያ ከምድጃው አጠገብ ነበር። የቴርሞካፕሎቹ የራሳቸው ኤክስቴንሽን ኬብል፣ ማለትም እንደ ቴርሞካፕሉ ሚሊቮልት ከሚያወጣ ብረት የተሠራው ኬብል፣ ያለ ምንም መቀጠያ እስከ ካርዱ ይደርስ ነበር፤ ፒቲ 100ውም በሦስት ሽቦ ይገባ ነበር። ይሁን እንጂ ሙቀቱና አቧራው የፓኔሉን ዕቃዎች ስለሚጎዳ ፓኔሉ 60 ሜትር ርቆ ወደሚገኝ የቀዘቀዘ ክፍል እንዲዛወር ተወሰነ።

ፓኔሉ ከነበረበት ቦታ ላይ ጃንክሽን ቦክስ ተተከለ። ከዚያ እስከ አዲሱ ክፍል ድረስ ባለ ብዙ ሽቦ የመዳብ ኬብል፣ እያንዳንዱ ሽቦ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር፣ ተጎተተ። ዞን 1 እና ዞን 2 በዚህ የመዳብ ኬብል አለፉ። ዞን 3 የተሻለ ዕድል የገጠመው ይመስል ነበር፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ለአንድ መስመር ብቻ የሚበቃ የታይፕ ኬ ኤክስቴንሽን ኬብል ስለተገኘ እሱ ተዘረጋለት። ፒቲ 100ው ተራው ሲደርስ በመዳቡ ኬብል ውስጥ የቀሩት ሽቦዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በሁለት ሽቦ ተጎተተና የካርዱ ሦስተኛ ተርሚናል እዚያው ፓኔሉ ላይ በአጭር ሽቦ ከሁለተኛው ጋር ተያያዘ።

ርክክቡ የተደረገው ምድጃው ጠፍቶ ነው። ሦስቱም ዞኖች 26 እና 27 ዲግሪ አሳዩ። ክፍሉም፣ ጃንክሽን ቦክሱም በዚያው ሙቀት ላይ ስለነበሩ ሁሉም ልክ ነው ተብሎ ተፈረመ።

## የታየው ችግር

መጀመሪያ የመጣው ቅሬታ ከጥራት ቁጥጥር ነው። ነጭ ቀለም የተቀቡ ዕቃዎች ቢጫ እየመሰሉ ይወጡ ነበር፤ ከመጠን በላይ እንደበሰሉ ያስታውቃል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በአንዳንድ ዕቃ ላይ ቀለሙ እየተላጠ መጣ፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ዘይቱ በደንብ እንዳልታጠበ የሚያሳይ ነው። ሁለቱ ምልክቶች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጠቁሙ ጥርጣሬው መጀመሪያ ቀለሙ ላይና ማጠቢያ ኬሚካሉ ላይ አረፈ።

የምድጃው ኦፕሬተር ግን ሌላ ነገር አስተውሎ ነበር። «ጠዋት ልክ ነው፣ ከምሳ በኋላ ዞን 3 ይወርዳል» አለ። መዝገቡም ይህንኑ ያሳያል። ጠዋት ምድጃው ገና ሲሞቅ ዞን 1 እና ዞን 2 180፣ ዞን 3 ደግሞ 177 ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ 180 ላይ እንደቆዩ ዞን 3 ወደ 159 ወርዶ ነበር። ያየ ሁሉ የዞን 3 ማሞቂያ ደክሟል ይል ነበር። ለጊዜው ሰት ፖይንቱን በትንሹ ከፍ ያደረጉበት ፈረቃ ነበር፤ ቢጫነቱም ባሰ።

## መጀመሪያ የተሞከረውና ያልሠራው

የዞን 3 ቴርሞካፕል ተቀየረ። ምንም አልተለወጠም። ቀጥሎ የቴርሞካፕል ካርዱ በመጠባበቂያ ካርድ ተተካ። አሁንም ያው።

ሦስተኛው ሙከራ በፕሮግራም ነበር። ከሰዓት በኋላ ባለው ልዩነት ተመርኩዞ በዞን 3 ንባብ ላይ 20 ዲግሪ እንዲጨመር ተደረገ። በማግስቱ ጠዋት ዞን 3 197 አሳየና 190 ላይ የተቀመጠው የከፍተኛ ሙቀት ማንቂያ ጮኸ። ጭማሪው ወዲያው ተነሣ። ሙከራው ባይሳካም ከሁሉ የበለጠ መረጃ የሰጠው እሱ ነው፤ ስህተቱ ቋሚ አለመሆኑንና አንድ የሚከተለው ነገር እንዳለ አሳይቷል።

## ሁለቱ ካርዶች የሚለኩት ነገር

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የቀረው ምርመራ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነውና።

ቴርሞካፕል ሙቀትን ብቻውን አይናገርም። በሞቃቱ ጫፍና ሽቦዎቹ በሚያበቁበት ጫፍ መካከል ላለው የሙቀት ልዩነት የሚመጣጠን ጥቂት ሚሊቮልት ያወጣል። ታይፕ ኬ በአንድ ዲግሪ ልዩነት 41 ማይክሮቮልት ገደማ ይሰጣል። ሠንጠረዡ የተዘጋጀው የማብቂያው ጫፍ፣ ማለትም ቀዝቃዛው መጋጠሚያ፣ 0 ዲግሪ ላይ ነው ተብሎ ነው። ካርዱ ላይ ግን ይህ ጫፍ የክፍሉን ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ የቴርሞካፕል ካርድ በተርሚናሎቹ አጠገብ ትንሽ የሙቀት ሴንሰር አለው፤ እዚያ ያለውን ሙቀት ለክቶ የሚመጥነውን ሚሊቮልት ይደምርበታል። የቀዝቃዛ መጋጠሚያ ማካካሻ የሚባለው ይህ ነው። ካርዱ የሚያውቀው የራሱን ተርሚናል ሙቀት ብቻ ነው። ቴርሞካፕሉ ሌላ ቦታ ላይ ካበቃ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የአርቲዲ ካርድ ቀዝቃዛ መጋጠሚያ አያስፈልገውም። አነስተኛ ጅረት ልኮ የፕላቲኒየሙን መቋቋም በኦም ይለካል። ፒቲ 100 በ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 138.51 ኦም ነው፤ ለአንድ ዲግሪ 0.385 ኦም ገደማ ማለት ነው። ችግሩ የሽቦውም መቋቋም በኦም መሆኑ ነው። ካርዱ የትኛው ኦም ከፕላቲኒየሙ፣ የትኛው ከመዳቡ እንደመጣ በሁለት ሽቦ ሊለይ አይችልም። ለቴርሞካፕል ግን የሽቦ መቋቋም ያን ያህል አያሳስብም፤ የካርዱ መግቢያ መቋቋም እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ በሽቦው ውስጥ የሚያልፍ ጅረት የለም ማለት ይቻላል። እሱን የሚያሳስበው ሽቦው ከምን ብረት እንደተሠራ ነው።

## ምርመራው

መጀመሪያ ካርዱን ከጥርጣሬ ነፃ ማውጣት ነበረብን። የዞን 1 ሽቦዎች ተነቅለው የካርዱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መግቢያ በአጭር የመዳብ ሽቦ ተያያዙ። በዚህ ጊዜ መግቢያው ላይ 0 ሚሊቮልት ስላለ ካርዱ የሚያሳየው የደመረውን ብቻ፣ ማለትም የተርሚናሉን ሙቀት ነው። 27 ዲግሪ አሳየ። ተርሚናሉ ላይ የተደገፈ ቴርሞሜትርም 27 አለ። ካርዱ ጤነኛ ነው።

ቀጥሎ ከሰዓት በኋላ ከዞን 1 ሴንሰር ጎን የራሱ መመርመሪያ ያለው የእጅ ቴርሞሜትር ገባ። ስክሪኑ 180 ሲል ምድጃው 200 ነበር። በዞን 3ም እንዲሁ ወደ 200 የሚጠጋ ተለካ። የዞን 3 ማሞቂያ አልደከመም፤ ምድጃው በሙሉ 20 ዲግሪ አልፎ ሄዷል።

የጃንክሽን ቦክሱ ተርሚናሎች ሙቀት ሲለካ ጠዋት 30፣ ከሰዓት በኋላ 47 ዲግሪ ሆነ። የምድጃው ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ያሞቀዋል። ፓኔሉ ግን ሁልጊዜ 27 ላይ ነው። ልዩነቱ ጠዋት 3፣ ከሰዓት በኋላ 20 ነው። ከዚህ በኋላ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል።

በዞን 1 ቴርሞካፕሉ የሚያበቃው ጃንክሽን ቦክሱ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁለቱም ወገን መዳብ ስለሆነ የሚጨምረው ነገር የለም። በታይፕ ኬ ሠንጠረዥ 200 ዲግሪ 8.138 ሚሊቮልት፣ 47 ዲግሪ 1.899፣ 27 ዲግሪ ደግሞ 1.081 ነው።

```
8.138 − 1.899 = 6.239
6.239 + 1.081 = 7.320
```

ካርዱ 47 ዲግሪ የሚገባውን 1.899 መደመር ሲገባው 1.081 ብቻ ደመረ። 7.320 ሚሊቮልት ከ179.5 ዲግሪ ጋር እኩል ነው። ተቆጣጣሪው 180 እንዲያይ ምድጃውን ወደ 200 ገፋው። ጠዋት ልዩነቱ 3 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ምድጃው 183 ነበር፤ ያንን ደግሞ ማንም አይነቃበትም።

ዞን 3 ግን ትክክለኛ ኤክስቴንሽን ኬብል አለው፤ ታዲያ ለምን በ40 ዲግሪ ዝቅ ይላል? የስህተቱ መጠን ራሱ ፍንጭ ሰጠ። ጠዋት 6፣ ከሰዓት በኋላ 41፤ በሁለቱም ጊዜ ከዞን 1 ስህተት እጥፍ ገደማ ነው። እጥፍ ስህተት የሚፈጠረው ኤክስቴንሽን ኬብሉ በሁለቱም ጫፎች ተገልብጦ ሲታሰር ነው። አንድ ጫፍ ብቻ ቢገለበጥ ምድጃው ሲሞቅ ንባቡ ወደ ታች ስለሚሄድ ወዲያው ይታወቅ ነበር። ሁለቱም ሲገለበጡ ግን ዋናው ሲግናል ተመልሶ ይቀናል፤ ኬብሉ በራሱ ርዝመት ላይ የሚጨምረው ሚሊቮልት ብቻ በመጨመር ፋንታ ይቀነሳል።

```
8.138 − 1.899 − (1.899 − 1.081) = 5.421
5.421 + 1.081 = 6.502
```

6.502 ሚሊቮልት 159 ዲግሪ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የነበረው ቁጥር ይኸው ነው።

ኬብሉ ሲከፈት አንዱ ሽቦ ቢጫ፣ ሌላው ቀይ ሆኖ ተገኘ። ያሰረው ኤሌክትሪሺያን ቀዩን ፖዘቲቭ አድርጎታል፤ በኤሌክትሪክ ሥራ የለመደው እንደዚያ ነው። በአሜሪካው የቴርሞካፕል ቀለም አሰያየም ግን ቀይ ሁልጊዜ ኔጋቲቭ ነው። በአይኢሲ አሰያየም ደግሞ የታይፕ ኬ ፖዘቲቭ አረንጓዴ፣ ኔጋቲቩ ነጭ ነው። በቀለም ብቻ ላለመከራከር ትንሽ ማግኔት ተጠቀምን፤ የታይፕ ኬ ኔጋቲቭ ሽቦ ማግኔት ሲስበው ፖዘቲቩ አይሳብም። ቀዩ ተሳበ።

## ገንዳው

የገንዳው ስህተት ከሰዓት ወደ ሰዓት አይለዋወጥም። ስክሪኑ 60 ሲል በገንዳው ውስጥ የገባው ቴርሞሜትር ሁልጊዜ 52 ገደማ ነበር። ቋሚ መሆኑ ብቻ ጥርጣሬውን ከቴርሞካፕሎቹ ታሪክ ለየው።

ፒቲ 100ው ተነቅሎ ሁለቱ ሽቦዎች በጃንክሽን ቦክሱ በሴንሰሩ ወገን ተያያዙና ከፓኔሉ በኩል በሙልቲሜትር ተለኩ። የመለኪያው የራሱ ሽቦዎች መቋቋም ከተቀነሰ በኋላ 3.0 ኦም ተገኘ፤ ለ60 ሜትር ደርሶ መልስ የሚጠበቅ ነው። በ52 ዲግሪ ፒቲ 100 120.17 ኦም አለው። 3.0 ሲደመርበት 123.17 ይሆናል፤ ካርዱም ይህን 60 ዲግሪ አድርጎ ያነበዋል። ገንዳው ቀዝቅዞ ዘይቱን ያልለቀቀው ለዚህ ነው።

አንድ ባልደረባ በፕሮግራሙ 7.8 ዲግሪ ቀንሶ መገላገል እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ከዞን 3ው ጭማሪ የተሻለ ነው፤ ይህ ስህተት ቋሚ ነውና። ነገር ግን መዳብም በሙቀት ይለዋወጣል፣ በአንድ ዲግሪ 0.39 በመቶ ገደማ። ኬብሉ በጣሪያ ሥር የሚያልፍ ስለሆነ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ 3.0 ኦሙ በ0.23 ይጨምራል፤ ይህም 0.6 ዲግሪ ነው። ለማጠቢያ ገንዳ ብዙ አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፦ ኬብሉ አንድ ቀን ሲቀየር ወይም ሲቀጠል ያ ቁጥር በፕሮግራሙ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ ቀጣዩ ጠጋኝም ለምን እንደገባ አያውቅም።

## የተወሰደው እርምጃ

ለዞን 1 እና ለዞን 2 የታይፕ ኬ ኤክስቴንሽን ኬብል እስከ ካርዱ ድረስ ተጎተተ። የዞን 3 በሁለቱም ጫፎች ተስተካከለ። ሌላም አማራጭ ታስቦ ነበር፦ በጃንክሽን ቦክሱ ወይም በሴንሰሩ ራስ ላይ ትራንስሚተር ተክሎ በመዳብ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር መላክ። እንደዚያ ሲሆን ማካካሻው ቴርሞካፕሉ በሚያበቃበት ቦታ ይሠራልና መዳብ ችግር አይሆንም። እኛ የተውነው ለጥገና ሲባል ዕቃ ላለማብዛትና ኤሌክትሮኒክስን እንደገና ከምድጃው አጠገብ ላለመመለስ ነው።

በጃንክሽን ቦክሱ ያሉት ተራ የናስ ተርሚናሎች አልተቀየሩም። አንዳንዱ ይህን ሲያይ ይደነግጣል፤ ነገር ግን የአንድ ተርሚናል ሁለት ወገኖች በአንድ ሙቀት ላይ እስካሉ ድረስ በመሃል የገባው ሌላ ብረት ምንም አይጨምርም። ቦክሱ መሞቁ አይጎዳም፤ የሚጎዳው በአንዱ ተርሚናል ግራና ቀኝ የሙቀት ልዩነት መኖሩ ነው።

ለፒቲ 100ው ሦስተኛ ሽቦ ተገኘለትና በፓኔሉ ላይ የነበረው ማያያዣ ተነሣ። ያም ሆኖ ንባቡ ከእውነተኛው በ1.3 ዲግሪ ከፍ ብሎ ቀረ። ባለ ሦስት ሽቦ አሠራር የሽቦውን መቋቋም የሚቀንሰው ሁለቱ ወገኖች እኩል ናቸው ብሎ አምኖ ነው። ሽቦዎቹ በሴንሰሩ ወገን ተያይዘው ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲለኩ በአንድ ወገን ያሉት ጥንድ ሽቦዎች 3.0፣ ብቸኛው ሽቦ ከአንዳቸው ጋር 3.5 ኦም አላቸው። የ0.5 ኦሙ ልዩነት በቀጥታ 1.3 ዲግሪ ነው። ምክንያቱ ጃንክሽን ቦክሱ ውስጥ የዛገ ተርሚናል ነበር፤ ተጠርጎ ሲጠብቅ ልዩነቱ ጠፋ። አራተኛ ሽቦ ቢኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር ንባቡ ላይ አይታይም ነበር፤ በባለ አራት ሽቦ ጅረቱ በሁለት ሽቦ ይሄዳል፣ ቮልቴጁ በሌሎቹ ሁለት ይለካል።

## ከጥገናው በኋላ የመጣው

ሦስቱም ዞኖች ከተስተካከሉ በኋላ ዞን 1 እና ዞን 2 ከእጅ ቴርሞሜትሩ ጋር በ1.5 ዲግሪ ውስጥ ተስማሙ። ዞን 3 ግን ጠዋትም ከሰዓትም በ4 ዲግሪ ዝቅ አለ። ኬብሉ እንደገና ተፈተሸ፤ ልክ ነው። መግቢያው በመዳብ ሲያያዝ 27 አሳየ፤ ይህም ልክ መሰለ።

እዚህ ላይ የመዳብ ማያያዣው ፈተና ገደብ ታየ። ፈተናው የሚናገረው ካርዱ ተርሚናሉ ስንት ዲግሪ ነው ብሎ እንደሚያምን ነው፤ እምነቱ ልክ መሆኑን አይናገርም። ቴርሞሜትሩ በዞን 3 ተርሚናል ላይ ሲደረግ 31 ሆነ። በጥገናው ሰሞን ለሌላ ሥራ ተብሎ አንድ የ24 ቮልት ፓወር ሳፕላይ ከካርዱ ጫፍ ሥር ተገጥሞ ነበር፤ የሚወጣው ሞቃት አየር የዞን 3ን ተርሚናል እያሞቀ የካርዱ የራሱ ሴንሰር ወዳለበት አይደርስም። ፓወር ሳፕላዩ ወደ ሌላ ረድፍ ሲዛወር 4 ዲግሪው ሄደ።

## ለሌላ ቦታ የሚወሰድ

ከዚህ ጉዳይ በኋላ ንባብ ሲዛባ መጀመሪያ የምጠይቀው ስህተቱ ምንን እንደሚከተል ነው። ከቀኑ ሙቀት ጋር የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ የጃንክሽን ቦክሱንና የካርዱን ሙቀት ለክቼ ልዩነቱን እይዛለሁ። ስህተቱ ከዚያ ልዩነት ጋር እኩል ከሆነ በመንገዱ ላይ መዳብ አለ። እጥፉ ከሆነ ኬብሉ በሁለት ጫፍ ተገልብጧል። ቋሚና ጥቂት ከሆነ የካርዱን ተርሚናል አካባቢ አያለሁ። አርቲዲ ሆኖ ሁልጊዜ ከፍ የሚል ከሆነ ሽቦውን በኦም እለካለሁ።

ቴርሞካፕል የተዘረጋበትን መስመር ሁሉ በቀዝቃዛ መሣሪያ መረከብ ዋጋ የለውም። ሁሉም ነገር በአንድ ሙቀት ላይ ሲሆን መዳቡም፣ የተገለበጠው ኬብልም ልክ ያሳያሉ። ምድጃውን ማሞቅ የማይቻል ከሆነ የጃንክሽን ቦክሱን ተርሚናል በሞቃት አየር ማሞቂያ በቀስታ ከክፍሉ በ20 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ስክሪኑን ማየት ይበቃል። በትክክል በተዘረጋ መስመር ላይ ንባቡ ከቦታው አይነቃነቅም።

በመጨረሻ የሴንሰር ምርጫን በተመለከተ፤ አዲስ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ምድጃም ፒቲ 100ን እመርጥ ነበር። በአይኢሲ 60751 መሠረት ክላስ ቢ ፒቲ 100 በ200 ዲግሪ የሚፈቀድለት ስህተት 1.3 ዲግሪ ሲሆን ክላስ 2 ታይፕ ኬ 2.5 ነው፤ በባለ አራት ሽቦ ደግሞ ተራ መዳብ ይበቃዋል። ቴርሞካፕል የሚያሸንፈው ሙቀቱ ከዚህ በጣም ሲያልፍ፣ ንዝረት ሲበዛ ወይም ፈጣን ምላሽ ሲያስፈልግ ነው። በዚህ ምድጃ ሦስቱም የሉም፤ ካርዱና ሴንሰሮቹ ግን ተገዝተው ስለተተከሉ ባሉበት ቀርተዋል።